የጨርቅ ዋጋ ልዩነትና የመጠን ልዩነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዳማ ውስጥ የሥራ ልብስ ሱሪ የሚሰፋ አንድ መካከለኛ ፋብሪካ እናስብ። ቁጥሮቹን ስሌቱ እንዲታይ ብዬ እኔው ነኝ ያዘጋጀኋቸው። በጨርቅ ዋጋና በወጣው የጨርቅ መጠን የሚነሳው ጸብ ግን በብዙ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የወር መጨረሻ ስብሰባ ላይ የሚሰማ ነው።

ፋብሪካው የጥጥ ጨርቅ ከመርካቶ ይገዛል። ለአንድ ሱሪ የተቀመጠው ስታንዳርድ፣ ማለትም አስቀድሞ የተወሰነው ልክ፣ 1.40 ሜትር ነው። የአንድ ሜትር ስታንዳርድ ዋጋ ደግሞ 200 ብር። ለወሩ 5,000 ሱሪ ታቅዶ ስለነበር 7,000 ሜትር ተገዛ። ፋብሪካ እስኪደርስ የወጣበት ዋጋ በሜትር 186 ብር ሆነ። ወሩ ሲዘጋ 4,000 ሱሪ ብቻ ተሰፍቶ አልቋል። ከመጋዘን የወጣው ጨርቅ 6,150 ሜትር ነው።

«ለወሩ የተያዘው 7,000 ሜትር ነበር። የተጠቀምነው 6,150 ነው። 850 ሜትር ቆጥበናል።»

7,000 ሜትሩ ለ5,000 ሱሪ ነበር። የተሰፋው 4,000 ከሆነ መፈቀድ የነበረበት ጨርቅም አብሮ ይወርዳል፦ 4,000 ሲባዛ በ1.40፣ 5,600 ሜትር። ስለዚህ ከሚገባው በላይ 550 ሜትር ወጥቷል። በስታንዳርድ ዋጋው ሲሰላ የመጠን ልዩነቱ 110,000 ብር ነው፣ ያውም ፋብሪካውን የሚጎዳ። 850 ሜትሩ ያልተሰፋ ጨርቅ እንጂ የተቆጠበ ጨርቅ አይደለም።

«ዋጋ ማለት ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ነው።»

ደረሰኙ ላይ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ያለው ዋጋ 184 ብር ነው እንበል። 15 በመቶ ታክስ ሲጨመር 211.60 ይሆናል። ይህን ከ200 ብር ጋር ያወዳደረ ሰው ግዢ ክፍሉ በውድ ገዛ ብሎ ይጮሃል። ፋብሪካው ለታክሱ የተመዘገበ ከሆነ ግን በግዢ የከፈለውን በሽያጭ ከሰበሰበው ላይ ስለሚያቀናንሰው፣ ታክሱ የጨርቁ ዋጋ አካል አይደለም። በሌላ በኩል ከመርካቶ አዳማ ለማድረስ የወጣው የጭነትና የማውረጃ ሂሳብ የዋጋው አካል ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ በሜትር 2 ብር ነው። 186 የመጣው ከዚህ ነው። ስታንዳርዱ ሲወጣም ጭነቱ ተካቶ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በየወሩ ግዢ ክፍሉ በማያውቀው ነገር ይወቀሳል።

«የዋጋ ልዩነቱ በተጠቀምነው ጨርቅ ብቻ ነው መባዛት ያለበት።»

የዋጋ ልዩነት የምንለው በስታንዳርድ ዋጋውና በትክክል በወጣው ዋጋ መካከል ያለውን ነው። በተጠቀምነው ጨርቅም ሆነ በተገዛው ማስላት፣ ሁለቱም አሠራር አለ። እኔ የምመርጠው በተገዛው ማስላቱን ነው። ዋጋው የሚታወቀው ጨርቁ መጋዘን ሲገባ ነው፤ ጥያቄ ካለ ያኔውኑ ይጠየቃል። ጨርቁ ከሁለት ወር በኋላ ሲቆረጥ «ይሄ ከማን ነበር የተገዛው?» እያሉ ፋይል ማገላበጥ አይኖርም። በዚህ መንገድ የዋጋ ልዩነቱ በሜትር 14 ብር ሲባዛ በ7,000 ሜትር፣ 98,000 ብር ነው። ለፋብሪካው ጥሩ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። 98,000 የተሰላው በ7,000 ሜትር ላይ ነው። የ110,000 ብሩ ጉዳት ግን የመጣው ከወጣው 6,150 ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን ደምሮ «በወሩ ሱሪዎች 12,000 ብር ብቻ ነው የተጎዳነው» ማለት አይቻልም። ከ98,000 ውስጥ 11,900 ብሩ ገና መጋዘን ውስጥ ያለው የ850 ሜትር ጨርቅ ነው። ለወሩ ሱሪዎች የሚታሰበው ቁጠባ 86,100 ብር ነው። ዓመታዊ ሂሳብ ሲዘጋም ያንን 850 ሜትር በ200 ብር መዝግቦ መተው ክምችቱን ያሳብጣል። 11,900 ብሩ ከክምችቱ ላይ መቀነስ አለበት።

«ግዢ ክፍሉ 98,000 ብር አተረፈልን፤ መቁረጫ ክፍሉ 110,000 ብር አባከነብን።»

ሪፖርቱን ብቻ ላየ ሰው ፍርዱ ያለቀ ይመስላል። እስቲ 550 ሜትሩ የት እንደገባ ጨርቁን ተከትለን እንሂድ።

መጀመሪያ ስታንዳርዱ ራሱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። 1.40 ሜትር የወጣው ማርከሩ፣ ማለትም የሱሪው ቅርጾች ጨርቁ ላይ የሚደረደሩበት ንድፍ፣ ለአንድ ሱሪ 1.34 ሜትር ስለሚወስድ ነው። 6 ሳንቲሜትሩ ለጨርቅ ጫፍ፣ ለተለመደ ጉድለትና ለመሳሰለው የተተወ ነው። ብዙዎች የሚረሱት ግን ይህ ነው፤ 1.34 የሚሠራው ለ150 ሳንቲሜትር ስፋት ብቻ ነው።

በርካሽ የተገዛው ጨርቅ ሲለካ የሚቆረጠው ስፋቱ 147 ሳንቲሜትር ሆነ። «3 ሳንቲሜትር ምን አላት?» ይባል ይሆናል። ጉዳዩ ስፋቱ ብቻ ቢሆን ለአንድ ሱሪ የሚጨመረው 3 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ነው። ነገር ግን በ150 ላይ ጎን ለጎን ልክክ ብለው የገቡት የፊትና የኋላ እግሮች በ147 ላይ አይገቡም። ማርከሩ እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። ክፍተት በዛ፤ ርዝመቱም 1.41 ሜትር ደረሰ። በአንድ ሱሪ 7 ሳንቲሜትር፣ በ4,000 ሱሪ 280 ሜትር።

ቀጥሎ የቀለም መበላለጥ መጣ። ከአንድ ጥቅል የተቆረጠው የፊት እግር ከሌላ ጥቅል ከተቆረጠው የኋላ እግር ጋር በቀለም አልገጠመም። ነጠብጣብና የተበጠሰ ክር ያለባቸው ቁራጮችም ነበሩ። እነዚህን ለመተካት እንደገና የተቆረጠው 160 ሜትር ነው። ሦስተኛው የመለያ ወረቀቱ ጣጣ ነው። 100 ሜትር የተባለው ጥቅል ሲነጠፍ 99 ሜትር ከምናምን ይወጣል። ተደምሮ 40 ሜትር ጎደለ። ይህ ጨርቅ ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ግን ተከፍሎበታል፣ ሪፖርቱ ላይም መቁረጫ ክፍሉ እንደተጠቀመው ተቆጥሯል። የቀረው 70 ሜትር በማንጠፊያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከመጠን በላይ የተተወ ጨርቅና ቁርጥራጭ ነው።

280፣ 160፣ 40 እና 70። ድምሩ 550።

የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ መልስ ሊሰጥበት የሚገባው 70 ሜትሩ ነው፤ 14,000 ብር። 480 ሜትሩ፣ ማለትም 96,000 ብሩ፣ የመጣው ከጨርቁ ነው። አሁን ይህን ከ86,100 ብሩ ቁጠባ ጋር አስተያዩት። ርካሹ ጨርቅ ፋብሪካውን 9,900 ብር አስወጥቶታል። በዚህ ላይ ለድጋሚ መቁረጥ የወጣው የሠራተኛ ጊዜና ቁራጭ እስኪተካ ሥራ የፈታ የስፌት መስመር አለ። እነሱ በጨርቅ ልዩነት ሪፖርት ውስጥ አይታዩም፤ የሚታዩት በጉልበት ልዩነት ላይ ነው። ያኔ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ይወቀሳል። የተረፈው 850 ሜትርም ያው ጨርቅ ነው፤ ሲቆረጥ ያው ጣጣ ይደገማል።

ግዢ ክፍሉ የግድ ጥፋተኛ ነው ማለት ግን አይደለም። የግዢ ማዘዣው ላይ «ጥጥ፣ ካኪ ቀለም» ብቻ ተጽፎ ከነበረ፣ የሚቆረጠው ስፋት ስንት መሆን እንዳለበት ማን ነገረው? መጋዘኑስ ሲረከብ ስፋቱን በሜትር ለክቷል? እኔ ብሆን ጨርቅ ሲገባ ከየጥቅሉ መለያ ወረቀት አጠገብ የተለካውን ስፋትና ርዝመት የሚጽፍበት ቦታ የገቢ ሰነዱ ላይ እጨምራለሁ። ከጨርቅ ሻጩ ጋር መከራከርም ሆነ መመለስ የሚቻለው ጨርቁ ሳይቆረጥ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ሻጩ ስልክም አያነሳ።

«የመጠን ልዩነቱ በ186 ብር ነው መባዛት ያለበት። የከፈልነው እኮ እሱን ነው።»

በ186 ከተባዛ 102,300 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ወር ግዢ ክፍሉ በ230 ብር ቢገዛና መቁረጫው እንደገና 550 ሜትር ቢያባክን 126,500 ብር ይመጣል። የመቁረጫ ክፍሉ ሥራ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሌላ ሰው ድርድር ነው። በስታንዳርዱ ሲባዛ ሁለቱም ወር 110,000 ይላል።

«ዶላር ስለጨመረ ነው። በዋጋ ልዩነቱ ግዢ ክፍሉን መጠየቅ አይቻልም።»

ግማሹ እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ገደማ ገባ። ከዚያ በፊት ስታንዳርድ ያወጣ፣ ጨርቅ ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ ሁሉ በቀጣዩ ሪፖርቱ ላይ ትልቅ ጎጂ የዋጋ ልዩነት ማየቱ አይቀርም ነበር። ግን ቁጥሩን ለሁለት መክፈል ይቻላል።

ስታንዳርዱ በሜትር 2.20 ዶላር በ57 ብር ነበር እንበል፤ 125.40 ብር። ቀረጡንና ጭነቱን ለጊዜው እንተወው። ግዢ ክፍሉ ተከራክሮ በ2.10 ዶላር ገዛ። በ74 ብር 155.40 ይመጣል። ሪፖርቱ «በሜትር 30 ብር ጉዳት» ይላል።

አሁን ስታንዳርዱን በአዲሱ ምንዛሪ እናስተካክለው፤ 2.20 በ74፣ 162.80 ብር። ከድሮው ስታንዳርድ የሚለየው 37.40 ብር የምንዛሪው ነው፤ የሚመለከተው ስታንዳርዱን ያወጣውንና የመሸጫ ዋጋ የሚወስነውን ነው። ከተስተካከለው ስታንዳርድ እስከ ተከፈለው ዋጋ ያለው 7.40 ብር ደግሞ የግዢ ክፍሉ ነው፣ ያውም ቁጠባ። በተቃራኒው በ2.30 ዶላር ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ተከፋዩ 170.20 ብር ይሆናል። ከጠቅላላው የ44.80 ብር ጉዳት 37.40ው የዶላር ነው፤ 7.40ው ግን የግዢ ክፍሉ ነው፣ ሊጠየቅበትም ይገባል።

ስታንዳርዱን የሚያስተካክለው ግን የሂሳብ ክፍሉ እንጂ ግዢ ክፍሉ መሆን የለበትም። የሚስተካከለውም ከውጭ በመጣ ለውጥ፣ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ሰነድ ተደግፎ ነው። «ገበያው ተወደደ» ተብሎ በየወሩ ስታንዳርዱ ከፍ ከተደረገ የዋጋ ልዩነቱ ሁልጊዜ ዜሮ አካባቢ ይሆናል፤ ሱሪው ለምን እንደከሰረም አይታወቅም።