«ትኩሳቱ ለቀቀው» ከማለት በፊት፦ ስለ ውሻና ድመት የሰውነት ሙቀት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ውሻዬን ለካሁት፤ 38.8 አለኝ። ትኩሳት ይዞታል ማለት ነው።»

ምንም አልሆነም፤ ጤነኛ ነው። የውሻ የሰውነት ሙቀት በጤናው ጊዜ በአብዛኛው ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የድመት ደግሞ ከ38.1 እስከ 39.2። እኛ 37 አካባቢ ስለሆንን እጃችንን ውሻው ሆድ ላይ ስናደርግ ሁልጊዜ ይሞቀናል። አዳማ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ስሠራ በዚህ ቁጥር ተደናግጦ የሚመጣ ሰው አላጣም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላኛው ነው፤ 37 አንብቦ «ልክ እንደ እኔ ነው» ብሎ ተረጋግቶ የሚተኛው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ቁጥሩን ከማመን በፊት እንስሳው ምን ሲያደርግ እንደነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። ሲሮጥ የቆየ ውሻ ወይም በባጃጅ ተጭና ስትጮህ የመጣች ድመት ሳይታመሙ 39.5 ሊያሳዩ ይችላሉ። ጥላ ሥር ለግማሽ ሰዓት ያሳርፉትና እንደገና ይለኩ። አርፎም 39.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መብላት ካቆመ ወይም ከተኛበት አልነሳ ካለ፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳዩት። 40 ካለፈ ሌላ ምልክት ባይኖርም ቀኑን አያሳልፉ። 41 ከደረሰ ሰዓት የሚቆጠርበት ጉዳይ ነው።

«አፍንጫው ደርቆ ከሞቀ ታሟል፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ደኅና ነው።»

አፍንጫ ስለ ውስጥ ሙቀት የሚናገረው ነገር የለም። ጤነኛ ውሻ ከእንቅልፉ ሲነሳ ወይም ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ሲቆይ አፍንጫው ይደርቃል፤ የአዳማ ደረቅ ነፋስም የራሱን ያደርጋል። አፍንጫው እንደረጠበ 40.5 የለካሁት ውሻም አለ፤ መዥገር ወሮት ነበር።

«በኮሮና ጊዜ የገዛነው ግንባር ላይ የሚነጣጠር መለኪያ አለን። እሱ አይበቃም?»

አይበቃም፤ መሣሪያው የሚያነበው የፀጉሩን ሙቀት ነው። ብብት ሥር መለካትም ከእውነተኛው ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስላልሆነ «አንድ ልደምርበት» ማለት አያዋጣም። የሚታመነው የፊንጢጣ ልኬት ነው።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ለዚህ ይሆናል፤ ለእንስሳው ብቻ ይለዩት። የመስታወቱን፣ ሜርኩሪ ያለበትን፣ ይተዉት፤ እንስሳው ቢወራጭ ሊሰበር ይችላል። ጫፉን ቫዝሊን ይቀቡ። አንድ ሰው ውሻውን ከፊት አቅፎ አንገቱን ወደ ክንዱ ያስጠጋ፣ ሌላው ጅራቱን ቀስ ብሎ ያንሳ፤ ቴርሞሜትሩን ለድመትና ለቡችላ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለትልቅ ውሻ ሦስት ያህል ያስገቡ። ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ከፊንጢጣው ግድግዳ ጋር ያስነኩት፤ ዓይነ ምድር ውስጥ ከተሰካ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ድምፅ እስኪያሰማ ይጠብቁ፤ ከዚያ ቁጥሩንና ሰዓቱን ይጻፉ። ለሐኪም «ትናንት ማታ በሁለት ሰዓት 39.9፣ ዛሬ ጠዋት 40.1» ብሎ የሚነግር ሰው ግማሹን ሥራ ይዞለት መጥቷል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ ከሆነ፣ በተለይ ካልተከተበ፣ ቴርሞሜትሩን ይተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ማንም አይንካው፤ ከሰው ለይተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

«ትኩሳት ካለው ግማሽ ፓራሲታሞል ይበቃዋል፤ ለሕፃን እንኳ ይሰጥ የለም?»

ድመት ላይ ግማሽ እንክብል መርዝ ነው። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ እጅግ ደካማ ነው። የማይወገደው መድኃኒት ወደ መርዛማ ነገር ይለወጥና ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጠቃል፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንዲት 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት 250 ሚሊ ግራም ስትውጥ በኪሎ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳታል፤ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም እንኳ ድመት የመረዘበት ጊዜ አለ። ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ሰጥተው ከሆነ አይደብቁ፤ ስንት ሚሊ ግራም በስንት ሰዓት እንደሰጡ ለሐኪም ይንገሩ፤ ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ ነው። ውሻም ቢሆን ከሰው መድኃኒት አይሰጠው፤ ኢቡፕሮፌን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል።

«ፀሐይ የመታው ውሻም ያው ትኩሳት ነው የያዘው።»

ሁለቱ በቴርሞሜትር ላይ ይመሳሰላሉ፤ አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው። በትኩሳት ጊዜ ሰውነቱ ከበሽታ ጋር ሲዋጋ አንጎሉ ራሱ የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርጋል። ፀሐይ የመታው ውሻ አንጎል ግን ልኩን አልቀየረም፤ ሙቀቱን ማውጣት ነው ያቃተው። ስለዚህ የትኩሳት መድኃኒት እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ የለም።

አዳማ ላይ ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ቀትር ላይ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ የውሃ ሳህኑ ተደፍቶበት፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የዋለ ውሻ የሚተነፍሰው አየር ራሱ ስለሚግል ማለክለኩ አይጠቅመውም። ድዱ እጅግ ይቀላል፣ ምራቁ ይወፍራል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ሲለካ 41 እና ከዚያ በላይ ነው።

ወደ ሐኪም ከመሮጥ በፊት ማቀዝቀዝ ይጀምሩ። ጥላ ውስጥ አስገብተው ከቧንቧ የሚመጣውን ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ፣ በተለይ ሆዱና ብብቱ ላይ፣ ደጋግመው ያፍስሱ፤ ቬንትሌተር ወይም ካርቶን ያራግቡለት። ራሱን ከሳተ ውሃው አፍንጫና አፉ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ በግድም አያጠጡት። እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ መተው ስህተት ነው፤ ፎጣው ወዲያው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍናል። በየጥቂት ደቂቃው እየለኩ 39.5 ሲደርስ ማቀዝቀዙን ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ መውረዱን ስለሚቀጥል ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ቢነቃም ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ የኩላሊትና የደም መርጋት ችግር ከሰዓታት በኋላ የሚመጣ ነው። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት ደግሞ ምንም ቁጥር ሳይጠበቅ መታየት አለባት።

«40 ነበረ፣ አሁን 37 ሆነ፤ ትኩሳቱ ለቀቀው።»

ቆይቼ እመለሳለሁ ያልሁት ይህ ነው። ፍራንኮ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የሦስት ወር ቡችላ ነበራቸው፤ አንድም ክትባት አልወሰደም። ሰኞ ማታ ምግቡን ተወ፣ ለኩት፣ 39.9። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስመለሰው፣ 40.1። ከሰዓት በኋላ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ጀመረው፤ ማታ ላይ ደም የተቀላቀለበትና ሽታው ቤት የማያስገባ ሆነ። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሲለኩት 36.9 ሆኖ አገኙት። ተደሰቱ፤ ፀጥ ብሎ በመተኛቱም «ዕረፍት አገኘ» ብለው እስከ እኩለ ቀን ተዉት። ወደ እኔ ያመጡት ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥቶ መዳፎቹን ሲነካ በረዶ ሆነውበት ነው።

ቡችላው ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም ራሱን አላነሳም። ድዱ ነጥቷል። በጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ቀለሙ ለመመለስ ሦስት ሰከንድ ያህል ፈጀ፤ ጤነኛ ቢሆን ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ስስበው እንደ ተሳበ ቆሞ ቀረ። እኔ ስለካው 36.4 ነበር። ትኩሳቱ ለቆት ሳይሆን ሙቀት የሚያመነጭበት አቅም አልቆ ነው። በትውከትና በተቅማጥ ፈሳሹ ሲያልቅ ደሙ አነሰ፤ ያለችው ደም ወደ ልብና አንጎል ስለተሰበሰበች እግሮቹ ቀዘቀዙ፤ ለሁለት ቀን ባለመብላቱ ደግሞ ስኳሩ ወረደ። ምርመራውም ፓርቮ የተባለው የአንጀት ቫይረስ መሆኑን አሳየ። በፓርቮ የሚሞቱ ቡችሎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በዚህ ዓይነት ድርቀትና የደም ዝውውር መድከም፣ ወይም አንጀት ሲላጥ ወደ ደም በሚገባ ባክቴሪያ ነው።

ስለዚህ በማረፍ ላይ ያለ ውሻ ወይም ድመት ከ37.2 በታች ካነበበ እንደ 41 ይቁጠሩት። እንደገና በደንብ ይለኩ፤ ድዱን ይዩ፤ መዳፉን ይንኩ። ያው ከሆነ ደረቅ ብርድ ልብስ ይጠቅልሉትና በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ከጎኑ አድርገው ይውሰዱት። እግሮቹን በጋለ ውሃ አይንከሩ፣ ወተትም በግድ አያግቱት፤ መዋጥ ያቃተው ቡችላ ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባበታል።

ከዚህ ውጭ የሚሆኑ ሁለት አሉ። ሊወልዱ የተቃረቡ ውሾች ምጥ ሊጀምራቸው አንድ ቀን ያህል ሲቀረው ሙቀታቸው ከ37.2 በታች ይወርዳል፤ ይህ በሽታ አይደለም። አንድ ሙሉ ቀን አልፎ ምጥ ካልጀመራት ግን ለሐኪም ይደውሉ። አዲስ የተወለዱ ቡችሎችም በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ባለው ውስጥ ናቸው፤ ራሳቸውን ማሞቅ ስለማይችሉ ሙቀት የሚያገኙት ከእናታቸው ነው።

ያን ቡችላ በደም ሥር ለብ ያለ ፈሳሽና ግሉኮስ አስገባንለት፣ ማስታወክ የሚያቆም መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ጨመርን፤ በየሁለት ሰዓቱም ለካነው። ረቡዕ ማታ 37.3፣ ሐሙስ ንጋት 38.0። ዓርብ ጠዋት 38.6 ሲሆን እናትየው ደውለው «ዶክተር፣ ደግሞ ትኩሳቱ ተመለሰበት እንዴ?» አሉኝ። ጅራቱን እየቆላ ነው፣ ለብ ያለ ሾርባም ቀምሷል አልኋቸው።