ሙራባሃ ምንድን ነው? ውሉ ከመፈረሙ በፊት ምን ይታያል?

ሙራባሃ ባንክ ገንዘብ የሚያበድርበት ሳይሆን ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥበት ከወለድ ነፃ ውል ነው። ባንኩ ደንበኛው የመረጠውን ዕቃ ለራሱ ይገዛል፤ የገዛበትን ዋጋ ገልጾ፣ የተስማሙበትን ትርፍ ጨምሮ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ መልሶ ለደንበኛው ይሸጣል። ትርፉን የተፈቀደ የሚያደርገው ባንኩ በመካከል የዕቃው እውነተኛ ባለቤት መሆኑ ነው፤ ይህ ከሌለ የቀረው በሌላ ስም የተጠራ ብድር ነው።

በጅማ ቡና የሚያዘጋጅ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ አስመጪ የመፈልፈያ ማሽን በሙራባሃ ሊገዛ ነው እንበል። በፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ 800,000 ብር፣ ማጓጓዣው 20,000 ብር ነው፤ አስመጪው ግን ለባንኩ 40,000 ብር ቅናሽ አድርጓል። በሙራባሃ ባንኩ ያገኘው ቅናሽ ለደንበኛው ስለሚተላለፍ፣ ትክክለኛው የግዢ ወጪ 780,000 ብር ነው። ጠቅላላ ትርፉ 15 በመቶ ከሆነ 117,000 ብር ይጨመርና የመሸጫው ዋጋ 897,000 ብር ይሆናል፤ በ24 ወር ሲከፈል በየወሩ 37,375 ብር ነው። ቅናሹ ሳይቀነስ በ820,000 ብር ላይ ቢሰላ ግን ዋጋው 943,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ደንበኛው ፕሮፎርማውን ብቻ ሳይሆን ባንኩ የከፈለበትን ደረሰኝ ማየት አለበት። ትርፉም በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በብር ተጽፎ መገኘት ይኖርበታል፤ «15 በመቶ» የሚለው ቃል ለዓመት ይሁን ለጠቅላላው ጊዜ ካልተለየ ለክርክር በር ይከፍታል።

ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ወደ ጅማ ሲመጣ መኪናው ቢገለበጥ ጉዳቱ የማን ነው? የሽያጩ ውል ገና ካልተፈረመ ጉዳቱ የባንኩ ሊሆን ይገባል፤ ውሉ ይህንን በደንበኛው ላይ ከጣለ ባንኩ የጉዳቱን ስጋት ሳይሸከም ያተርፋል ማለት ነው። ይህንን ለማጣራት ቀኖቹን ማስተያየት ይጠቅማል፦ ደንበኛው መጀመሪያ የሚፈርመው የመግዛት ቃል ነው፣ ቀጥሎ ባንኩ ይገዛና ዕቃውን ይረከባል፣ ሽያጩ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። የሽያጩ ውል ቀን ከባንኩ የግዢ ደረሰኝ ቀን ከቀደመ፣ ባንኩ ያልያዘውን ዕቃ ሸጧል። ደንበኛው በባንኩ ወኪልነት ራሱ ሄዶ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙ በባንኩ ስም መቆረጥ አለበት፤ በነጋዴው ስም ከተቆረጠ ባንኩ መቼ ባለቤት እንደነበረ የሚያሳይ ሰነድ አይኖርም።

ሽያጩ ሲፈረም ባለቤትነቱ ወዲያውኑ ለነጋዴው ይተላለፋል። ባንኩ ማሽኑን በመያዣነት ሊይዝ ይችላል፤ «ክፍያው እስኪያልቅ ንብረቱ የባንኩ ነው» የሚል አንቀጽ ግን ሽያጩን ራሱን ያፈርሳል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላም ክፍያ ስለዘገየ አይጨምርም፤ የመዘግየት ቅጣት ተጽፎ ቢገኝ እንኳ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት እንደሚውል፣ ለባንኩ ገቢ እንደማይሆን በግልጽ መስፈር አለበት።