«መምህር፣ ልጹም ወይስ አልጹም?»

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ በቪዲዮ ለምናስተምር አገልጋዮች እንዲህ ያለ መልእክት መምጣቱ አይቀርም። «መምህር፣ ስኳር አለብኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሐኪሙ እንዳትጾሚ ብሎኛል። ካቆምኩ ወዲህ ለመቁረብም ድፍረት አጣሁ። ይፈረድብኝ ይሆን?»

ላይ ላዩን ሲታይ ጥያቄው የጾም ነው። ረጋ ብሎ ላነበበው ግን እኅታችን ከቅዱስ ቁርባን ርቃለች፤ ዋናው ሕመሟም እሱ ነው። «ሳይሰማ ነገርን የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል» (ምሳ. 18፥13)። ስለዚህ ካሜራ ከመክፈታችን በፊት በውስጥ መስመር እንጻፍላት። የንስሐ አባት አላት? በቪዲዮ ቢመለስላት ፈቃዷ ነው?

እንዴት እንደምንመልስ ቅዱስ ጳውሎስ አሳይቶናል። የቆሮንቶስ ምእመናን ጽፈው ለጠየቁት ሲመልስ፣ የተጋቡትን ሲያዝ «እኔ ግን አይደለሁም፥ ጌታ ነው እንጂ» አለ። ስለ ደናግል ሲደርስ ደግሞ «የጌታ ትእዛዝ የለኝም» ብሎ፣ ምክሩን ምክር ነው ብሎ ሰጠ (1ኛ ቆሮ. 7)። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ እንኳ የራሱን ቃል ከጌታ ትእዛዝ ጋር አልቀላቀለም። እኛማ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን!

በቪዲዮው ላይ በድፍረት የምንናገረው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን አያስጨንቅም። ይህን በግልጽ እንንገራት፤ ብዙ ሕሙማን ይህን ባለማወቅ ይሰቃያሉ።

የመድኃኒቱ ጉዳይ የሐኪሟ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስም ራሱን ይስታል። «እመኚ እንጂ ምንም አትሆኚም» የሚል መልስ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ሊገድል ይችላል። «መጠኑን ቀንሺው» ማለትም የእኛ ሥራ አይደለም።

ቁርባኑ ደግሞ የንስሐ አባቷ ነው። ኑሮዋን ሰምቶ «ቁረቢ» ወይም «ቆዪ» የሚላት፣ በጾሙ ፈንታ ጸሎት ወይም ምጽዋት የሚያዝላት እሱ ነው። የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የካህን ነውና። ስለዚህ እንዲህ ብንላት ይበቃል፦ «እኅቴ፣ ሕመምሽ ከእግዚአብሔር ማዕድ አያርቅሽም። የቀረውን ግን እኔ ልወስንልሽ አልችልም። የሐኪምሽን ቃል ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ ከሌለሽ በአጥቢያሽ ካህን ጠይቂ።»

መልእክቷን ቃል በቃል አናንብበው። ስሟን ብንተወው እንኳ የምትኖርበት ከተማና ሥራዋ ከተነገረ ጎረቤት ያውቃታል። «ኢንሱሊን የምትወስዱ ምእመናን» ብለን ለሁሉም ብንናገር እሷም መልሷን ታገኛለች፣ ሌላውም ይማራል። ቪዲዮው ከወጣ በኋላም ዝም አንበል። ከሳምንት በኋላ «ካህኑን አገኘሻቸው?» ብለን እንጠይቃት። ካላገኘቻቸው የምናውቀውን አባት እናገናኛት።