ስተራላይዜሽን ምንድን ነው? በኬሚካል ከመዘፍዘፍስ በምን ይለያል?

ጥርስ የነቀለ ፎርሴፕስ ከታካሚው አፍ ሲወጣ ደምና ምራቅ፣ አንዳንዴም የድድ ቁራጭ ይዞ ነው የሚወጣው። ለሚቀጥለው ታካሚ እስኪቀርብ ድረስ የሚደረግለትን ሁሉ ብዙ ሰው በአንድ ቃል "ማጽዳት" ይለዋል። ነገር ግን ማጠብ፣ ዲስኢንፌክሽንና ስተራላይዜሽን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ማጠብ የሚታየውን ቆሻሻ ያነሳል። ዲስኢንፌክሽን በኬሚካል ወይም በሙቀት አብዛኞቹን ጀርሞች ይገድላል፣ ስፖርን ግን ይተዋል። ስፖር አንዳንድ ባክቴሪያዎች ክፉ ጊዜ ሲመጣባቸው ጠንካራ ልባስ ለብሰው የሚተኙበት መልካቸው ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ አንዱ ምሳሌ ነው። ስተራላይዜሽን፣ በአማርኛ ማምከን፣ ስፖሩንም ጨምሮ ሕይወት ያለውን ሁሉ ያጠፋል።

የትኛው ዕቃ የትኛው እንደሚገባው የሚወስነው የሚነካው የሰውነት ክፍል ነው። ፎርሴፕስ፣ ኤሌቬተር፣ ኪዩሬትና ስኬለር ሥጋ ይወጋሉ፣ አጥንትና ደም ይነካሉ፤ መምከን አለባቸው። የአፍ መስታወት ሥጋ ባይወጋም ብረት ስለሆነና ሙቀት ስለሚችል አብሮ ይምከን። ዲስኢንፌክሽን የሚበቃው ታካሚው አፍ ውስጥ ለማይገቡት፣ ለወንበሩ፣ ለመብራቱ እጀታና ለጠረጴዛው ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ሆኖ ሙቀት የማይችል ፕላስቲክ ካለ ግን በጠንካራ ኬሚካል ውስጥ በቂ ጊዜ ይዘፈዘፋል፤ ምትክ ከተገኘለት አንዴ ተጠቅሞ መጣል ይሻላል።

ዕቃን ደሙ ሳይታጠብ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በጠርሙሱ ላይ 5% የሚል በረኪና አንድ እጁ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5% ይሆናል፣ ይህም ደም ለፈሰሰበት ወለል ጥሩ ነው። ለፎርሴፕስ ግን አይሆንም። ክሎሪኑ ደሙ ላይ ኃይሉን ይጨርሳል፣ ብረቱን ይበላል፣ መገጣጠሚያው ላይ ዝገት ይጀምራል፤ ዝገቱ የተቦረቦረበት ቦታ ደግሞ ለቀጣዩ ደም መደበቂያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከማጠብ በፊት በኬሚካል መዘፍዘፍን አይመክርም። የሚሻለው ደሙን ወዲያው መጥረግ፣ ዕቃው እስኪታጠብ እንዳይደርቅ በእርጥብ ፎጣ መሸፈን፣ ከዚያ ወፍራም ጓንት አድርጎ መገጣጠሚያውን ከፍቶ በሳሙናና በብሩሽ ማሸት ነው። ብሩሹ ከውሃው በላይ ከሆነ ፍንጣቂ ይረጫል፤ ስለዚህ ዕቃው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይታሸት። የደረቀ ደም የተጋገረበትን ዕቃ እንፋሎት ሊያመክነው አይችልም፤ ከታች ያለውን ጀርም ልክ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍንለታል።

ዕቃ የሚያመክነው ማሽን፣ አውቶክሌቭ፣ የሚገድለው በእንፋሎት ነው። የፈላ ውሃ ለምን አይበቃም? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስፖር ደግሞ በ100 ዲግሪም ሊተርፍ ይችላል። እንፋሎት ታፍኖ ግፊቱ ሲጨምር ነው 121 ዲግሪ የሚደርሰው። ለታሸገ ዕቃ የተለመደው ዑደት በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ነው። አየሩን በቫኪዩም ስቦ በሚያወጣ ማሽን ደግሞ በ134 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ጀምሮ ይበቃል። ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ማሽኑ ከተሰካበት ሰዓት ጀምሮ 30 ደቂቃ የሚቆጥር ክሊኒክ ዕቃውን ሲያሞቀው እንጂ ሲያመክነው አልዋለም።

ከፍታው እዚህም ላይ ይመጣል። በድስት ዓይነቱ አውቶክሌቭ የግፊት መለኪያ ሰዓቱ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ወለል አካባቢ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ ሰዓቱ 15 ሲል ድምሩ 30 ገደማ ይሆንና 121 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩ 11 ገደማ ብቻ ነው። ሰዓቱ ያው 15 ሲል ድምሩ 26 ይሆናል፤ ይህ 117 ዲግሪ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ስፖር የሚሞትበት ፍጥነት ከግማሽ በታች ይወርዳል። 121 ለመድረስ ሰዓቱ ከ18 እስከ 19 ማሳየት አለበት። ይህን ማስተካከያ የሚሠራው ቴክኒሻን ነው፤ ማሽኑ የተፈቀደለትን ግፊት ማለፍ ወይም የደኅንነት ቫልቩን መነካካት አደጋ ነው። በቴርሞሜትር የሚቆጣጠር ማሽን ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ አዲስ ለሚገዛ ክሊኒክ ይህን ዓይነቱን መምረጥ ይሻላል።

ሌላው ጠላት ውስጥ የቀረ አየር ነው። በድስት ዓይነቱ እንፋሎቱ ወጥ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ የአየር መውጫው ካልተከፈተ፣ ግፊቱ ቢታይም ሙቀቱ አይደርስም። አየር በጣም የሚሸሸገው ጥርስ በሚቦረቡረው መሣሪያ፣ በሃንድፒስ ውስጥ ነው፣ ቱቦው ጠባብ ነውና። ስለዚህ ሃንድፒስ ቫኪዩም ባለው ዑደት ነው መምከን ያለበት። በአልኮል መጥረግ ውጭውን ብቻ ነው የሚነካው፤ ከታካሚው አፍ የተሳበው ምራቅ ውስጡ ይቀራል። ከዩኒቱ ከመነቀሉ በፊት ውሃና አየሩ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይልቀቅበት፣ ከዚያ ይታጠብና አምራቹ እንዳዘዘው ዘይት ይጠጣ።

ዕቃው የታሸገባቸው ፓውቾች ተነባብረው ሳይሆን ልክ እንደ መጽሐፍ በጎናቸው ቆመው ይደርደሩ፣ እንፋሎቱ በመሃላቸው ይለፍ። ማድረቂያው ጊዜ ሳያልቅ በር መክፈት ትልቅ ስሕተት ነው። እርጥብ ወረቀት ከእጅና ከጠረጴዛ ጀርም ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ እርጥብ ሆኖ የወጣ ፓውች እንደ መከነ አይቆጠርም፣ እንደገና ታሽጎ ይገባል።

መምከኑን በምን እናውቃለን? በማሸጊያው ቴፕ ላይ የሚጠቁረው መስመር ዕቃው ሙቀት እንዳየ ብቻ ይናገራል። ፓውቹ ውስጥ የሚገባው ኢንዲኬተር ሙቀቱን፣ ጊዜውንና እንፋሎቱን አንድ ላይ ስለሚለካ ይሻላል። የመጨረሻው ዳኛ የስፖር ምርመራ ነው። ሙቀት የሚቋቋመው የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ ስፖር በሳምንት አንዴ ከዕቃ ጋር ይገባል፣ ከዚያ ሳይገባ ከቀረ አቻው ጋር ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣል። ያልገባው አድጎ የገባው ካላደገ ማሽኑ ሠርቷል። ሁለቱም ካደጉ ማሽኑ ይቆማል፤ ካለፈው ጥሩ ውጤት ወዲህ ተመክኖ ገና ያልተጠቀሙበት ዕቃ ሁሉ ከመሳቢያው ወጥቶ በሌላ ማሽን ይመከናል። ምክንያት ፍለጋው በቀላሉ ይጀምር። በሩ ዙሪያ ያለው ጎማ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ እንፋሎት ያፈስሳል፤ ፓውቾቹም ተጨናንቀው ከነበረ ቀንሶ መድገም ነው። ጎማው ተቀይሮ፣ ጭነቱ ተቀንሶ፣ የስፖር ምርመራው ተደግሞ እስኪያልፍ ድረስ ማሽኑ ለታካሚ ዕቃ አይሠራም።