ፕሮግራም ሃንግ ሲያደርግ፦ በሃርድዌር ዲበገር የቆመበትን ቦታ ማግኘት

ማይክሮኮንትሮለር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሃንግ ሲያደርግ ምንም አይነግርህም። ስክሪን የለውም፣ የስህተት መልእክት አያወጣም። ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ማለቱን ያቆማል፣ በሲሪያል መስመሩ ይመጣ የነበረው ጽሑፍ ይቋረጣል፣ በቃ። ፕሮሰሰሩ ግን አልሞተም። ብዙ ጊዜ በሙሉ ፍጥነቱ እየሮጠ ነው፣ ችግሩ የሚሮጠው አንድ ቦታ ላይ ክብ እየዞረ መሆኑ ነው። ሃርድዌር ዲበገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ያቺን ቦታ ያሳይሃል።

ዲበገሩ ራሱ ትንሽ ሳጥን ነው። ባንድ በኩል በዩኤስቢ ከኮምፒውተርህ ጋር፣ በሌላው በኩል በጥቂት ሽቦ ከቺፑ ጋር ይገናኛል። በአርም ኮርቴክስ-ኤም ቺፖች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጉት የዳታ መስመር፣ የክሎክ መስመርና ግራውንድ ናቸው፣ ሪሴትም ቢጨመር ጥሩ ነው። ዋናው የማቆሚያ ዘዴ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ቺፑ ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩን የሚያስቆመው፣ አንድ በአንድ የሚያራምደውና ብሬክፖይንት የሚይዘው ክፍል ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ሲሊከኑ ላይ ተሠርቷል። ለዚህም ነው ፕሮግራሙ ፈጽሞ ምላሽ ባይሰጥም ዲበገሩ ሊገባ የሚችለው፤ የፕሮግራሙን ትብብር አይፈልግም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ የሚሳሳተው ዲበገሩን ሲያገናኝ ነው። የአይዲኢው ዲበግ በተን ሲጫን በአብዛኛው ቺፑን ሪሴት ያደርጋል፣ ፕሮግራሙንም እንደገና ይጭናል። ያኔ ሦስት ሰዓት የጠበቅከው ሃንግ ከነማስረጃው ጠፋ ማለት ነው። ሃንግ ያደረገ ቦርድ ስታገኝ ኃይሉን አትንካ፣ ሪሴት አትጫን። ቦርዱ እንዳለ ዲበገሩን ሰካና ሳትጭን ሪሴትም ሳታደርግ ተገናኝ። ኦፕንኦሲዲንና ጂዲቢን ለሚጠቀም ትእዛዙ ይህን ያህል ነው፦

```
target extended-remote :3333
monitor halt
info registers
bt
```

`load` የለም፣ `monitor reset` የለም። ለጂዲቢ የምትሰጠው የኢኤልኤፍ ፋይልም ቺፑ ላይ ካለው ፕሮግራም ጋር አንድ ዓይነት ቢልድ መሆን አለበት። ያለዚያ አድራሻው ትክክል ሆኖ የሚያሳይህ የፋንክሽን ስም የተሳሳተ ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ግማሽ ቀን ይበላል።

አሁን አንድ ጉዳይ እንይ። እኔም ከገጠመኝ የመጣ ነው፣ ብዙ ሰውም ይገጥመዋል። ኮርቴክስ-ኤም4 ያለው የኤስቲኤም32 ቦርድ ነው። ፕሮግራሙ በደንብ ይሠራል፣ ኤልኢዲው ይበራል ይጠፋል። በተኑን ስትጫን ግን ሁሉም ነገር ይቆማል። በተኑ የተገናኘው ከኢንተራፕት ጋር ነው፣ ኢንተራፕቱ ውስጥ ደግሞ የበተኑ ንዝረት እስኪያልፍ ድረስ 20 ሚሊሰከንድ ጠብቅ የሚል መስመር አለ፦

```c
void HAL_GPIO_EXTI_Callback(uint16_t pin)
{
    HAL_Delay(20);
    pressed = 1;
}
```

ላየው ሰው ምንም አያስጠረጥርም።

ፕሮሰሰሩን አስቆሜ ሬጂስተሮቹን ሳይ መጀመሪያ ያየሁት `pc`ን ነው፣ ማለትም ቀጥሎ የሚሠራውን ኢንስትራክሽን አድራሻ። `HAL_GetTick` ውስጥ ነበር። ይሄ ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ አጭር ፋንክሽን ነው፣ ምናልባት በአጋጣሚ እዚያ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ `continue` ብዬ ለቀቅሁት፣ ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አስቆምኩት። አራት አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። አንዴ `HAL_GetTick`፣ አንዴ `HAL_Delay`፣ እንደገና `HAL_GetTick`። ከነዚህ ሁለቱ አይወጣም። በዚህ መንገድ ደጋግሞ ማስቆም ቀላል ይመስላል፣ ግን እኔ ከሁሉም በፊት የማምነው እሱን ነው።

ቀጥሎ `xPSR`። ዋጋው `0x81000016` ነበር። ብዙዎች ይሄን ሬጂስተር ዘለው ያልፉታል፣ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የታችኞቹ ዘጠኝ ቢቶች ፕሮሰሰሩ አሁን የትኛው ኢንተራፕት ውስጥ እንዳለ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ዜሮ ከሆነ መደበኛው ፕሮግራም ላይ ነን ማለት ነው። እዚህ ግን ሄክስ 16 ነው፣ በአሥርዮሽ 22። የመጀመሪያዎቹ 16 ቁጥሮች ለፕሮሰሰሩ ለራሱ የተያዙ ስለሆኑ 16 ይቀነሳል፣ 6 ይቀራል። በቺፑ ማንዋል ላይ ኢንተራፕት ቁጥር 6 `EXTI0` ነው፣ የበተኑ መስመር። ስለዚህ የሚጠብቀው ዋናው ሉፕ አይደለም። የበተኑ ኢንተራፕት ውስጥ ገብቶ አልወጣም።

ግን 20 ሚሊሰከንድ ለምን አያልቅም? እዚህ ላይ አንድ በአንድ መራመድ ያስፈልጋል፣ ያውም በሲ መስመር ሳይሆን በኢንስትራክሽን፣ በ`stepi`። ሉፑ ይሄ ነው፦

```
bl    HAL_GetTick
subs  r0, r0, r4
cmp   r0, r5
bcc.n HAL_Delay_loop
```

(የመጨረሻውን ስም ለንባብ እንዲመች እኔ ያስገባሁት ነው፣ ጂዲቢ የሚያሳየው አድራሻ ነው።) `r4` መጠበቅ ሲጀመር የነበረውን ሰዓት ይዟል፣ `r5` ደግሞ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚጠበቅ። `r5` ላይ 20 ሳይሆን 21 ታገኛለህ፣ አትደንግጥ፣ ላይብረሪው ቢያንስ የተባለውን ያህል እንዲጠብቅ አንድ ይጨምራል። `r4` 20010 ነበር። ከ`HAL_GetTick` ስንመለስ `r0`ም 20010። ሲቀነስ ዜሮ። ዜሮ ከ21 ያንሳል፣ ተመለስ። እንደገና ዞርኩ፣ አሁንም 20010። ሰዓቱ ቆሟል ማለት ነው።

እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለብህ፣ ምክንያቱም ራስህን ማታለል ይቻላል። ዲበገሩ ፕሮሰሰሩን ሲያስቆም ሲስቲክ ታይመሩም አብሮ ይቆማል፣ ስለዚህ ቆሞ እያለ ሰዓቱ አለመቁጠሩ ምንም አያረጋግጥም። በስቴፕ ጊዜም ቢሆን ብዙ ዲበገሮች ኢንተራፕቶችን ይሸፍናሉ፣ አለዚያ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ታይመሩ ሃንድለር ይዞህ ይገባ ነበር። ማረጋገጫው ሌላ ነው። `HAL_GetTick` የሚያነበው ቆጣሪ `uwTick` ነው። `print uwTick` በል፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ `continue` ብለህ ሁለት ሦስት ሰከንድ ልቀቀው፣ አስቁምና እንደገና አንብብ። ጤነኛ ቢሆን ሁለትና ሦስት ሺህ በጨመረ ነበር። የእኔው 20010 ላይ ነው።

ሰዓቱን የሚቆጥረው የሲስቲክ ኢንተራፕት ነው። ታዲያ ታይመሩ ቆሟል ወይስ ኢንተራፕቱ ሊገባ አልቻለም? ይሄን የሚመልሰው አንድ ሬጂስተር ነው፣ `ICSR` ይባላል፦

```
x/1xw 0xE000ED04
0xe000ed04: 0x0400f816
```

የመጨረሻው 16 ያው የበተኑ ኢንተራፕት ነው። ከላይ ያለው 4 ደግሞ ቢት 26 ነው፣ ትርጉሙም ሲስቲክ ጥሪ አቅርቦ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ታይመሩ ሥራውን ሠርቷል። የሚያስገባው ግን አልተገኘም። ምክንያቱ ቅድሚያ ነው። በዚህ ፕሮሰሰር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቅድሚያው ይበልጣል፣ በዚያ ፕሮጀክት በተኑ 0 ሲስቲክ 15 ነበሩ። እኩል ቢሆኑም ለውጥ የለውም፣ አንዱ ሌላውን ማቋረጥ የሚችለው በቅድሚያ ሲበልጠው ብቻ ነው። እንግዲህ የበተኑ ኢንተራፕት ሰዓቱ እስኪቆጥር ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ደግሞ የበተኑ ኢንተራፕት እስኪወጣ። ሁለቱም እስከ ዘላለም።

እስካሁን አንድም ብሬክፖይንት አላስቀመጥንም። ሃንግ ላይ ብሬክፖይንት ሁለተኛ ነው፣ የት እንደምታስቀምጠው ካወቅክ በኋላ ነው የሚጠቅመው። ቁጥሩም የተወሰነ ነው። ፍላሽ ላይ ላለ ኮድ ዲበገሩ የቺፑን ማነጻጸሪያዎች ይጠቀማል፣ በኮርቴክስ-ኤም4 ላይ ለኢንስትራክሽን ስድስት ናቸው፣ በኤም0 ላይ ከአራት አይበልጡም። ጂዲቢ ራሱ አንዳንዴ ለ`finish` ወይም ለ`next` አንዱን ለጊዜው ይወስዳል። ስለዚህ ሰባተኛውን ስታስቀምጥ ስህተት ቢሰጥህ ሽቦውን አትጠርጥር።

በዚህ ጉዳይ ሁለት በቂ ናቸው። አንዱ ኮልባኩ መግቢያ ላይ፣ ሌላው `pressed = 1` የሚለው መስመር ላይ። በተኑን ስትጫን የመጀመሪያው ይይዛል፣ ትለቀዋለህ፣ ሁለተኛው ላይ አይደርስም። ማረሚያው መጠበቁን ከኢንተራፕቱ ማውጣት ነው፦ እዚያ የተጫነበትን ሰዓት ብቻ መመዝገብ፣ 20 ሚሊሰከንዱን ዋናው ሉፕ እንዲያይ መተው። ሲስቲክን 0 አድርጎ በተኑን ዝቅ ማድረግም ሃንጉን ያስቀረዋል። ግን በተኑ በተጫነ ቁጥር ለ20 ሚሊሰከንድ ከበተኑ ቅድሚያ የማይበልጥ ኢንተራፕት ሁሉ ይታገዳል፣ እኔ አልመርጠውም።

ሁሉም ሃንግ እንዲህ በሚጠብቅ ሉፕ ውስጥ አይገኝም። `pc` `Default_Handler` ላይ ከተገኘ አንድ ኢንተራፕት ተፈቅዶ ሃንድለሩ አልተጻፈም፣ ወይም ስሙ ባንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ሊንከሩ ምንም ሳይል ባዶውን ሉፕ ይተካል። የትኛው እንደሆነ ያው `xPSR` ይነግርሃል። ቁጥሩ 3 ከሆነ ሃርድፎልት ነው፣ ያኔ የሚፈለገው የአሁኑ `pc` ሳይሆን ስታክ ላይ የተቀመጠው ነው። ሃንድለሩ ራሱ ስታኩን ካልነካው ከስታኩ ጫፍ 24 ባይት ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ።

ዲበገሩ ሁልጊዜ ዝም ብሎ የሚመለከት ግን አይደለም። ዋችዶግ ካለ ፕሮሰሰሩን አስቁመህ እያነበብክ ሳለ ቺፑን ሪሴት ሊያደርግብህ ይችላል፣ በኤስቲኤም32 ላይ በዲበግ ጊዜ እንዲቆም አስቀድሞ መዋቀር አለበት። ከሁሉ የከፋው የፔሪፈራል መስኮቱ ነው። የሲሪያሉን መስኮት ከፍተህ ከተውከው አይዲኢው ባስቆምክ ቁጥር የዳታ ሬጂስተሩን ያነባል፣ ያ ንባብ ደግሞ ባይት ደርሷል የሚለውን ቢት ያጠፋል። ፕሮግራምህ ያችን ባይት አያገኛትም። ዲበገር ሲሰካ ብቻ የሚጠፋ ባይት ካየህ መጀመሪያ መስኮቱን ዝጋ።