ስልኩ «−2» ሲል ድንቹ አይሞትም

«ልጄ፣ ስልኩ −2 ይላል። ዛሬ ሌሊት ድንቹን ውርጭ ጨረሰው ማለት ነው?»

የጠየቁኝ ሱሉልታ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ሊመሽ ሲል። ስልካቸውን ተቀብዬ ሳየው ለንጋቱ 11 ሰዓት በትልቁ የተጻፈው 3 ዲግሪ ነው። −2 ከሥሩ በደቃቁ የተቀመጠው፣ «ፊልስ ላይክ» የሚባለው፣ ለሰው ምን ያህል እንደሚሰማው የሚገምተው ቁጥር ነበር። ንፋሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይላል።

«አይ እማማ፣ ንፋሱ እስከነፈሰ ድረስ ድንቹ አይነካም» አልኳቸው።

3 ዲግሪው የአየሩ ሙቀት ነው፤ ከመሬት ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጥላ የሚለካው። −2 ግን የማንም ቴርሞሜትር ያነበበው አይደለም፤ ከሙቀቱና ከንፋሱ ተሰልቶ የወጣ ነው። የሰው ገላ በዙሪያው ያለችውን ስስ አየር አሙቆ ይይዛታል። ንፋስ ሲመጣ ጋቢ እንደሚገፍ ሰው ያችን አየር ይነጥቀዋል፣ ገላም ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ያጣል። ስሌቱ የሚነግረን በ3 ዲግሪና በዚያ ንፋስ ውስጥ የሚሄድ ሰው ያልተሸፈነ ፊቱ፣ ንፋስ በሌለበት −2 ላይ የሚሰማውን ያህል እንደሚበርደው ነው።

ድንች ደግሞ የሚነጠቅ የራሱ ሙቀት የለውም። ንፋሱ ደረቁን ቅጠል ወደ አየሩ ሙቀት፣ ወደ 3 ያደርሰዋል፤ ከዚያ አያልፍም። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶና ቧንቧውም እንዲሁ ናቸው፤ ውሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል እንጂ በረዶ አይሠራም። እርጥብ ነገር ግን ይለያል፤ ሲተን ከአየሩም በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ምሽት ቅጠል ላይ ውሃ አልረጭም።

«ነገ ንፋስ የለም፣ ሁለቱም ቁጥር 3 ነው። እንግዲህ አርፈን እንተኛ» አሉ እማማ።

መፍራት የነበረብን ይህንን ሌሊት ነው። ሰማዩ ጠርቶ ንፋሱ ሲቆም መሬቱና ቅጠሉ ሙቀታቸውን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ከባዱ ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ከላይ ካለው ሞቅ ካለ አየር ጋር የሚቀላቅለው የለም። መለኪያው 3 እያለ ቅጠሉ ከዜሮ በታች ሊወርድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ፊልስ ላይክ» ይህን አያውቅም፤ የተሠራው ለሰው ፊት ነው።

በማግስቱ ማታ መደቡን በገለባና በጆንያ አለበስነው። ለአንዱ ዳር መስመር ጆንያው አልደረሰም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያ መስመር ብቻ ስኳር የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቅጠሉ ጠቁሮ ተኮማተረ። ንፋስ በነፈሰበት፣ ስልኩ −2 ባለበት ሌሊት ግን አንድም ቅጠል አልተነካም ነበር።

«6 ዲግሪ፣ ፊልስ ላይክም 6። ታዲያ ሞተር ላይ እጄ ለምን ይደነዝዛል?» የሚሉ ሞተረኞችም አሉ።

ትንበያው የእርስዎን ፍጥነት ስለማያውቅ ነው። ስሌቱ የሚያስገባው የአካባቢውን ንፋስና የእግረኛ እርምጃን ብቻ ነው። ጠዋት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ወደ እንጦጦ ሲወጡ ንፋሱን ራስዎ ፈጠሩት፤ ያ 6 ዲግሪ ለባዶ ቆዳ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጓንት ያድርጉ።

«መጋቢት ላይ ቀትሩ ያቃጥላል፤ ስልኩ ግን 26 ዲግሪውን 25 ይመስላል ይላል። ተሳስቷል» የሚሉም አሉ።

የሙቀቱ ስሌት ደግሞ ሌላ ነው፤ ጉዳዩ ከእርጥበት ጋር ነው። ላብ ገላን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፣ አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ደግሞ አይተንም። 32 ዲግሪ ላይ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ፣ እንደ ጅቡቲ ባለ የባሕር ዳርቻ እንደሚያጋጥመው፣ ስሌቱ ወደ 41 ይደርሳል። እዚህ ግን በበጋ ቀትር አየሩ ደረቅ ነው፣ ላቡ ሳይታይ ይተናል። ስሌቱም ቢሆን ቁም ነገር የሚኖረው ከ27 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች 25 ቢል 26 ቢል ለውጥ የለውም።

ታዲያ የሚያቃጥለው ምንድን ነው? ፀሐይዋ። ስሌቱ ጥላ ሥር ላለ ሰው የተሠራ ነው፤ በቀጥታ ፀሐይ ላይ የሚሰማው ሙቀት ከዚያ እስከ 8 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ሱሉልታ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ጨረሩን የሚያሳሳው አየር ከቆላው ያንሳል። አንዳንድ የስልክ መተግበሪያዎች ፀሐዩንም ያሰላሉ፣ ሌሎቹ አያሰሉም፤ የሁለት ሰው ስልክ ለአንድ ሰፈር ሁለት «ፊልስ ላይክ» የሚያወጣውም አንዳንዴ በዚህ ነው። እውነቱን ለማየት ከአጥሩ ጥላ ሥር ገብቶ አምስት ደቂቃ መቆም ይበቃል፤ ያ ቃጠሎ ሄዶ 26ቱ ዲግሪ ይቀራል።