ድምፅ የመስጠት ተቃርኖ

ድምፅ የመስጠት ተቃርኖ በፖለቲካ ሳይንስና በኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ዘንድ ከስልሳ ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። የምክንያታዊ ውሳኔ ንድፈ ሐሳብ፣ በሌላ አጠራሩ «ራሽናል ቾይስ»፣ ሰው ጥቅሙንና ወጪውን አመዛዝኖ የሚበጀውን ያደርጋል ከሚል መነሻ ይጀምራል። በዚህ መነሻ ከተሄደ፣ በብዙ ሚሊዮን ሰዎች መካከል ድምፁን የሚሰጥ አንድ ዜጋ ውጤቱን የመለወጥ ዕድሉ ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ፣ ተሰልፎ ከሚቆም ይልቅ ሥራው ላይ ቢውል ይሻለዋል። ይሁንና በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫዎች የመምረጥ መብት ካላቸው ዜጎች በአብዛኛው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ድምፅ ይሰጣሉ። ተቃርኖው የተፈጠረው ንድፈ ሐሳቡ በሚተነብየውና ሰዎች በተግባር በሚያደርጉት መካከል ነው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያነሣው፣ የብዙኃኑ ፍላጎት እርስ በርሱ ሊጋጭ እንደሚችል የሚያሳየው ችግርም አንዳንድ ጊዜ በተመሳሳይ ስም ይጠራል፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄውን በግልጽ ያስቀመጠው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት አንተኒ ዳውንስ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1957 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1968 ደግሞ ዊልያም ራይከርና ፒተር ኦርድሹክ የመራጩን ስሌት በአንዲት አጭር ቀመር ጻፉት፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ በእሷ ዙሪያ ይካሄዳል፦

R = pB − C + D

በቀመሩ B መራጩ የሚደግፈው ወገን ቢያሸንፍ የሚያገኘው ጥቅም ነው። p የእሱ አንድ ድምፅ ወሳኝ የመሆን ዕድል፣ C ድምፅ ለመስጠት የሚያወጣው ጊዜ፣ ድካምና ገንዘብ ነው። ወደ D በኋላ እንመለሳለን። R ከዜሮ ከበለጠ ሰውየው ወደ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል፤ ካነሰ ይቀራል።

ችግሩ ያለው p ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን ሰዎች ድምፅ የሚሰጡበትን፣ ሁለት ተወዳዳሪዎች ያሉበትን የምርጫ ክልል እናስብ። ቅድመ ግምቱ አንደኛው ተወዳዳሪ ከ45 እስከ 55 በመቶ ያገኛል የሚል ነው እንበል፤ በዚህ ክልል ውስጥ የትኛውም ውጤት እኩል ዕድል አለው። ይህም ማለት ተወዳዳሪው ከ450,000 እስከ 550,000 ድምፅ ሊያገኝ ይችላል፤ ሊገኙ የሚችሉት ውጤቶች መቶ ሺህ ያህል ናቸው ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የአንድ ተጨማሪ መራጭ ድምፅ ወሳኝ የሚሆነው ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በትክክል 500,000 ለ500,000 እኩል ሲወጡ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዕድሉ ከመቶ ሺህ አንድ ይሆናል። መራጩ ከሚደግፈው ወገን ማሸነፍ የአንድ ሺህ ዶላር ጥቅም ቢያገኝ እንኳ፣ ይህ ጥቅም በዕድሉ ሲባዛ አንድ ሳንቲም ነው። ወደ ጣቢያው ለመድረስ የሚያወጣው የአውቶቡስ ዋጋ ብቻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ምሳሌው ደግሞ ፉክክሩ ጠባብ እንደሆነ ስላሰበ ለመራጩ ያደላ ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ በሚታወቅበት ቦታ ዕድሉ ከዚህም እጅግ ያንሳል።

እውነተኛዎቹ ምርጫዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አያሳዩም። አንድሩ ጌልማንና ባልደረቦቹ ስለ 2008ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ባደረጉት ስሌት፣ የአንድ መራጭ ድምፅ የአገሪቱን ውጤት የመወሰን ዕድሉ በአማካይ ከ60 ሚሊዮን አንድ ነበር፤ ፉክክሩ በበረታባቸው እንደ ኒው ሜክሲኮና ቨርጂኒያ ባሉ ጥቂት ግዛቶች ግን ወደ 10 ሚሊዮን አንድ ከፍ ይል ነበር። በ2000 የፍሎሪዳ ውጤት በ537 ድምፅ ልዩነት መወሰኑን እያነሡ «አንድ ድምፅም ዋጋ አለው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በዚያ ታሪካዊ ጠባብ ውጤት ውስጥ እንኳ፣ ማንም አንድ የፍሎሪዳ መራጭ ከቤቱ ቢቀር ኖሮ ልዩነቱ 536 ወይም 538 ከመሆን በቀር አሸናፊው አይለወጥም ነበር።

ሞሪስ ፊዮሪና ይህ ተቃርኖ የምክንያታዊ ውሳኔን ንድፈ ሐሳብ የበላ ነው እስከ ማለት የደረሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ይኸው ንድፈ ሐሳብ በሌሎች ጉዳዮች ላይ በደንብ ይሠራል። ለምሳሌ ብዙ መራጮች ስለ ፖሊሲ ዝርዝር ለማወቅ ለምን ጊዜያቸውን እንደማያጠፉ ዳውንስ የሰጠው ማብራሪያ፣ የሚያገኙት እውቀት በአንድ ድምፅ አማካይነት የሚለውጠው ነገር ስለሌለ ነው የሚል ነው። ጥያቄው ታዲያ፣ ድምፁ ዋጋ ስለሌለው ለማንበብ የሚሰንፍ ያው ሰው፣ ዋጋ የሌለውን ድምፅ ለመስጠት ለምን ይሰለፋል የሚል ይሆናል። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው ቀላል አይደለም።

ራይከርና ኦርድሹክ መፍትሔ ብለው ያቀረቡት D ነው። D ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ድምፅ ከመስጠት ብቻ የሚገኝ እርካታ ሲሆን፣ የዜግነት ግዴታን መወጣት፣ ለሥርዓቱ ታማኝነትን መግለጽና ለሚወዱት ፓርቲ መቆም በውስጡ ይካተታሉ። በ p ስለማይባዛ በመራጩ ቁጥር ብዛት አይቀንስም፤ ስሌቱም ወዲያው ይቃናል። ነገር ግን ብራያን ባሪ በ1970 እንዳመለከተው፣ ሰዎች ድምፅ የሚሰጡት መስጠት ስለሚፈልጉ ነው ማለት ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገም ነው። ማንኛውንም ድርጊት «ያስደስተው ስለነበር አደረገው» ብሎ ማብራራት የሚችል ንድፈ ሐሳብ ምንም አልተነበየም። በእኔ እይታ የባሪ ትችት እስከ ዛሬ ጉልበቱን አላጣም፤ D ዋጋ የሚኖረው መቼ እንደሚጨምርና መቼ እንደሚቀንስ አስቀድሞ መናገር ሲቻል ብቻ ነው።

በ1974 ጆን ፌርጆንና ፊዮሪና ሌላ መንገድ ሞከሩ። መራጩ ዕድሎችን አያሰላም፤ ይልቅስ ሊደርስበት ከሚችለው ጸጸት ትልቁን ማስወገድ ይፈልጋል አሉ። የሚወደው ተወዳዳሪ በአንድ ድምፅ ቢሸነፍና እሱ ቤቱ ተቀምጦ ቢሆን የሚሰማው ጸጸት፣ ያለ ጥቅም ተሰልፎ ከመዋል እጅግ የከፋ ነው። ሐሳቡ ለስሜት ቅርብ ቢሆንም በዚህ መንገድ የሚያስብ ሰው ወደ ጣቢያው ሲሄድ መኪና ሊገጨው እንደሚችልም ማሰብ ነበረበት፤ ያን ጊዜ ትልቁ ጸጸት ከቤት መውጣቱ ይሆናል።

የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ባለሙያዎች ደግሞ p ከውጭ የተሰጠ ቁጥር አለመሆኑን አስታወሱ። ሁሉም በዳውንስ ስሌት ተመርቶ ቢቀር፣ ብቻውን የሚወጣው ሰው ድምፅ ምርጫውን ይወስናል፤ ስለዚህ ሁሉም የሚቀርበት ሁኔታ ሊጸና አይችልም። ቶማስ ፓልፍሪና ሃዋርድ ሮዘንታል በ1983 ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሕዝብ የሚሳተፍበት ሚዛን፣ ማለትም ማንም ውሳኔውን መቀየር የማይፈልግበት ሁኔታ፣ ሊኖር እንደሚችል አሳዩ። ውጤቱ ግን መራጮች አንዱ የሌላውን ወጪና ፍላጎት በትክክል ያውቃሉ በሚል ግምት ላይ የቆመ ነበር። ራሳቸው በ1985 ያን ግምት አንሥተው ሲያሰሉት፣ በትልቅ ሕዝብ ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት ወጪያቸው ከዜሮ የማይበልጥ፣ ወይም ግዴታ የሚሰማቸው ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። የረቀቀው ሒሳብ ተመልሶ D ላይ ወደቀ።

B ን እንደገና ማየትም ይቻላል። አሮን ኤድሊን፣ ጌልማንና ኖዋ ካፕላን መራጩ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም የሚያስብ ከሆነ ስሌቱ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። ከላይ ባየነው ክልል ውስጥ መራጩ የሚደግፈው ወገን ቢያሸንፍ ለአንድ ሚሊዮኑ ነዋሪ ለእያንዳንዱ አሥር ዶላር የሚያወጣ ጥቅም ያመጣል ብሎ ቢያምን፣ ጠቅላላው አሥር ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በመቶ ሺህ ሲካፈል መቶ ዶላር ይሆናል። ሕዝቡ ሲበዛ ዕድሉ ቢቀንስም ጥቅሙ በዚያው ልክ ስለሚያድግ ውጤቱ አይጠፋም። ይህ ሰዎች ከኪሳቸው ይልቅ አገርን አስበው እንደሚመርጡ ከሚታወቀው ጋር ይስማማል። ሆኖም አሸናፊው ከወራት በፊት በሚታወቅበት ግዛት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ለምን እንደሚሰለፉ አይነግረንም፤ እዚያ p ራሱ ሊጠፋ የቀረበ ነው።

ክርክሩን ከወረቀት ወደ መስክ ያወረደው አንድ ሙከራ በቅርበት ሊታይ ይገባል። አላን ገርበር፣ ዶናልድ ግሪንና ክሪስቶፈር ላሪመር በነሐሴ 2006 ከተካሄደው የሚሺጋን ቅድመ ምርጫ በፊት ለሰማንያ ሺህ ያህል ቤተሰቦች ደብዳቤ ላኩ፤ አንድ መቶ ሺህ ያህል ቤተሰቦች ደግሞ ምንም ሳይደርሳቸው ለንጽጽር ተተዉ። በአሜሪካ ማን ለማን እንደመረጠ ምስጢር ቢሆንም፣ ማን እንደመረጠና ማን እንደቀረ ግን በይፋ መዝገብ ላይ ይገኛል። ከደብዳቤዎቹ አንዱ የዜግነት ግዴታን ብቻ ያሳስባል። ሌላው የተቀባዩንና የጎረቤቶቹን ስም ዘርዝሮ ባለፉት ምርጫዎች ማን ድምፅ እንደሰጠ ያሳያል፤ ከምርጫው በኋላም የታደሰ ዝርዝር ለሁሉም እንደሚላክ ይናገራል። ምንም ካልደረሳቸው ሰዎች 29.7 በመቶ ድምፅ ሲሰጡ፣ ግዴታቸውን ብቻ ካሳሰባቸው ደብዳቤ ተቀባዮች 31.5 በመቶ፣ የጎረቤቶቹ ዝርዝር ከደረሳቸው ደግሞ 37.8 በመቶ ወጡ። በሁሉም ዘንድ p፣ B እና C ያው ናቸው፤ የተለወጠው መታየት ብቻ ነው። ባሪ ባዶ ቃል ያለው D እዚህ ሊለካ የሚችል ነገር ሆነ። አብዛኛው ክፍሉም ሰው በጎረቤቱ ፊት እንዴት እንደሚታይ ከማሰብ ይመጣል።

ከስዊዘርላንድ የተገኘው ማስረጃ ወደዚያው ያመለክታል፤ ያን ያህል የጠራ ግን አይደለም። ካንቶን የሚባሉት የአገሪቱ ግዛቶች በተለያየ ጊዜ በፖስታ ድምፅ መስጠትን ሲፈቅዱ C በግልጽ ቀነሰ፤ ስለዚህ ተሳትፎው መጨመር ነበረበት። ፓትሪሺያ ፉንክ ግን በአጠቃላይ ጉልህ ጭማሪ አላገኘችም። እንዲያውም ሁሉም በሚተዋወቅባቸው ትንንሽ ማኅበረሰቦች ተሳትፎው ቀንሶ ነበር፤ በፖስታ መላክ ሲቻል ጣቢያው ደጃፍ ላይ መታየት የሚያስገኘው ክብርም፣ መቅረት የሚያስከትለው ሐሜትም ይደበዝዛልና። ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ለውጥ ላይ የጥቂት ነጥብ ጭማሪ ስላገኙ፣ ውጤቱን እንደ መጨረሻ ፍርድ መውሰድ አይገባም።

ጆን ኦልድሪች በ1993 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ጥያቄውን ያለዝበዋል። ድምፅ መስጠት ጥቅሙም ወጪውም ትንሽ የሆነ ውሳኔ ስለሆነ፣ ትንሽ ነገር ሚዛኑን ወዲያና ወዲህ ያጋድለዋል። በዚህ አመለካከት ንድፈ ሐሳቡ ስንት ሰው እንደሚመርጥ መናገር ባይችልም፣ ወጪ ሲቀየር ተሳትፎ ወዴት እንደሚሄድ ሊናገር ይችላል። አውስትራሊያ በ1924 ድምፅ መስጠትን በሕግ ግዴታ አድርጋ በቀሪው ላይ ቅጣት ስትጥል፣ በ1922ቱ ምርጫ ከ60 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎ በ1925ቱ ምርጫ ከ90 በመቶ በላይ መድረሱ ለዚህ ጠንካራ ምስክር ነው።

በp ላይ ግን ማስረጃው ያን ያህል አይደግፈውም። ፉክክር በጠበበበት ምርጫ ብዙ ሰው ይወጣል፤ ይህ ግን መራጩ ዕድሉን አስልቶ ሳይሆን፣ ፓርቲዎቹ በዚያ ቦታ ገንዘባቸውንና ቀስቃሾቻቸውን ስለሚያፈሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ገርበርና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2010ሩ የአሜሪካ የግዛት አስተዳዳሪዎች ምርጫ ወቅት ለአንዳንድ መራጮች ፉክክሩ ጠባብ መሆኑን፣ ለሌሎቹ ደግሞ ሰፊ መሆኑን የሚያሳይ የሕዝብ አስተያየት ውጤት አቀረቡላቸው። ሰዎቹ ምርጫው በጥቂት ድምፅ የመወሰን ዕድሉን ከእውነተኛው እጅግ አጋንነው ይገምቱ ነበር፤ የቀረበላቸውን ውጤት ካዩ በኋላም ግምታቸውን ቀየሩ። ጠባብ ነው የተባሉት ግን ሰፊ ነው ከተባሉት በልጠው ወደ ምርጫ ጣቢያ አልሄዱም።